የመብራት ሂሳቡና የናፍጣው ደረሰኝ፦ አንድ የቆቦ ሆቴል ቢመረመር

የሆቴል ባለቤት ስለ ኃይል ወጪው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ አገልግሎትን ሂሳብ ነው። የናፍጣው ደረሰኝ ሌላ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ከነዳጅ ማደያ የተቆረጠ ብጣሽ ወረቀት ሆኖ ከጥበቃው ኪስ ይገኛል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ የኢነርጂ ኦዲት አልተጀመረም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ቁጥሩ ራሱ ያሳየናል።

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት ቆቦን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ፣ በራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ሙቀቷ በተለይ ከግንቦት እስከ ሰኔ ይከብዳል። በመንገዱ ዳር ያሉት አሮጌ ሆቴሎች እንግዶቻቸው የጭነት መኪና ሹፌሮች፣ ስልጠናና ስብሰባ የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ መስኖ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላ ሊያዩ የሚመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምመረምረው ሆቴል ከእነዚህ የአንዱንም ስም አልያዘም። የብዙዎቹን መልክ ይዞ ለስሌት የተዘጋጀ ነው፦ 32 ክፍል፣ አንድ ፎቅ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከታች ባርና ምግብ ቤት፣ በየመታጠቢያ ቤቱ 50 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር፣ በጓሮ ደግሞ 40 ኪሎ ቮልት አምፔር ጀነሬተር። በአማካይ ግማሹ ክፍል ይያዛል። ዋጋዎቹም የስሌት ዋጋዎች ናቸው፦ መብራት በኪሎዋት ሰዓት 5 ብር፣ ናፍጣ በሊትር 120 ብር። ሌላ ባለቤት የራሱን ሂሳብ አይቶ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቢቀይር የስሌቱ መንገድ ያው ነው።

የግንቦት ወር ቆጣሪ 6,300 ኪሎዋት ሰዓት አንብቧል እንበል። ይህ 31,500 ብር ነው። በዚያው ወር መብራት በድምሩ 60 ሰዓት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ሠርቷል። በሰዓት የሚበላውን ናፍጣ ለማወቅ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ታንከሩን አፉ ድረስ መሙላት፣ አንድ ሙሉ ሰዓት ማሠራት፣ ከዚያ በሊትር በተለካ ጀሪካን እንደገና አፉ ድረስ መሙላት ነው። የጨመርነው መጠን የሰዓቱ ፍጆታ ነው። እዚህ ሆቴል 4 ሊትር ወጣ። በወር 240 ሊትር፣ በገንዘብ 28,800 ብር ማለት ነው።

ይህ ናፍጣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ሰጠ? ኤሌክትሪሺያኑ በምሽት ጀነሬተሩ እየሠራ ሳለ ክላምፕ ሜትሩን በሦስቱ ፌዝ ላይ በየተራ ሲያጠልቅ 14፣ 9 እና 15 አምፔር አነበበ። ድምሩ 38 ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 8 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። በ60 ሰዓት 480 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ወረቀቶች እናስተያይ። ከመስመር የመጣው 6,300 ኪሎዋት ሰዓት 31,500 ብር ወሰደ። ከጀነሬተር የመጣው 480 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከጠቅላላው ኃይል አንድ አስራ አራተኛ የማይበልጠው፣ 28,800 ብር ወሰደ። የመስመሩ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ሲሆን የጀነሬተሩ 60 ብር ነው፤ ያውም ዘይትና ጥገና ሳይቆጠር። ስለዚህ ማንኛውም የቁጠባ ሐሳብ ሲቀርብ ባለቤቱ መጠየቅ ያለበት «ስንት ኪሎዋት ይቆጥባል?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ የቱን ኪሎዋት እንደሚቆጥብም መጠየቅ አለበት። ከመስመር የሚመጣና መብራት ሲጠፋ ከጀነሬተር የሚመጣ ኃይል ዋጋቸው አስራ ሁለት እጥፍ ይለያያል።

ቀጣዩ ሥራ 6,300ው የት የት እንደገባ ማከፋፈል ነው። ኦዲተሩ እያንዳንዱን ዕቃ ይቆጥራል፣ የሚስበውን ኃይል ይለካል ወይም ከጀርባው ካለው ጽሑፍ ያነባል፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ሠራተኛውን ይጠይቃል። በዚህ ሆቴል ቦይለሮቹ 1,950 ገደማ፣ የባሩና የወጥ ቤቱ ፍሪጆች 960፣ መብራት 920፣ ከላይኛው ፎቅ ክፍሎች ስምንቱ ያሏቸው ኤሲዎች በሙቀቱ ወር 690፣ የእንጀራ ምጣድ 525፣ የቡና ማሽን 400፣ ፋኖቹ 290፣ የውሃ ፓምፕ 135 ወጣላቸው። ሲደመር ወደ 5,870 ነው። ከቆጣሪው የሚጎድለው 430 ለቴሌቪዥን፣ ለልብስ ማጠቢያና ለሙዚቃ መሣሪያ በቂ ነው። ጉድለቱ ከጠቅላላው አስር በመቶ ካለፈ ግን ሪፖርቱ ወደ ፊት መሄድ የለበትም። ወይ የተዘነጋ ዕቃ አለ፣ ወይ ሰዓቱ በግምት ተነግሯል፣ ወይም ከሆቴሉ ቆጣሪ የሚጠቀም ጎረቤት ሱቅ አለ። የመጨረሻውን ለመለየት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሆቴሉን ብሬከሮች አንድ በአንድ ዘግቶ የቆጣሪውን ብልጭታ ማየት ይበቃል። ሁሉም ተዘግቶ ብልጭታው ካላቆመ መስመሩ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ትልቁ ድርሻ የቦይለሩ ነው፤ ቆላ አገር ላይ ይህን ሲሰማ የማይገረም ባለቤት ጥቂት ነው። በቆቦ ሙቀት ለሻወር ሙቅ ውሃ የሚፈልገው እንግዳ በእርግጥም ብዙ አይደለም። ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁር ሮቶ ራሱ ፀሐይ ስለሚመታው ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ውሃ ለብ ያለ ነው። ታዲያ 1,950 ኪሎዋት ሰዓት ማን ተጠቀመበት?

አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ የተያዘ ክፍል በቀን 40 ሊትር የሞቀ ውሃ ቢጠቀም፣ ውሃው ከ24 ዲግሪ ወደ 60 ቢሞቅ፣ 40 በ36 በ1.16 ሲባዛ 1.67 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአስራ ስድስት የተያዙ ክፍሎች፣ በሰላሳ ቀን፣ 800 ገደማ ይሆናል። እንግዳው በሰውነቱ ላይ ያፈሰሰው ይህን ብቻ ነው። ቀሪው 1,150 ማንም ሳይታጠብበት ጠፍቷል። ባዶ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ቦይለር ሶኬት ላይ በሚሰካ ቆጣሪ ለሃያ አራት ሰዓት ቢለካ፣ ቧንቧው ሳይከፈት፣ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይስባል። ሙቀቱ በአሮጌው ሽፋን በኩል ወደ ግድግዳው እየወጣ ተርሞስታቱ ደጋግሞ ያበራዋል። የተያዘም ይሁን ያልተያዘ፣ ሠላሳ ሁለቱም ክፍሎች ቀንና ሌሊት ይህን ያደርጋሉ። ግንቦት ላይ ደግሞ ያ ሙቀት የሚወጣው ኤሲና ፋን ሊያቀዘቅዙት ወደሚደክሙበት ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ መታረም አለበት። የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስላለው በቦይለሩ ማሞቂያ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ «ያ ነው መብራት የሚበላው» ይባላል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ውሃው ውስጥ የተነከረ ስለሆነ የሚያመነጨው ሙቀት ከውሃው በቀር የሚሄድበት የለውም፤ ቅርፊቱ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። የቅርፊቱ ጉዳት ሌላ ነው፦ ማሞቂያው ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል፣ የታንኩም ይዘት ይቀንሳል። ቅርፊት ማጽዳት የጥገና ወጪ ይቀንሳል፤ ከመብራት ሂሳቡ ግን እምብዛም አይነካም።

መድኃኒቱ ሁለት እርምጃ ነው። የመጀመሪያው በነጻ የሚሆን ነው፦ ተርሞስታቱን ከ65 ወደ 55 ዲግሪ ማውረድ። የሚጠፋው ሙቀት በውሃውና በአካባቢው አየር መካከል ካለው ልዩነት ጋር አብሮ ስለሚሄድ ብክነቱ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ከ55 በታች ማውረድ አይመከርም፤ ለብ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሳንባ የሚያጠቃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ለረጅም ጊዜ ያልተያዘ ክፍል ከመከራየቱ በፊት ቦይለሩ አንድ ጊዜ ከ60 በላይ እንዲሞቅ ማድረግና ውሃውን ማፍሰስ ተገቢ ነው። ሁለተኛው እርምጃ የየክፍሉን ቦይለር ብሬከር ከክፍሉ አውጥቶ በየፎቁ ካለው ሳጥን ውስጥ መሰብሰብ ነው። እንግዳ ሲመዘገብ ያበራሉ፤ ሲወጣ ያጠፋሉ፤ ለተያዘውም ጠዋትና ማታ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። በቀን 38 ኪሎዋት ሰዓት የነበረው ብክነት ወደ 10 ይወርዳል። ግማሽ ቀን የጠፋ ቦይለር ብክነቱ በግማሽ እንደማይቀንስ ልብ ይሏል፤ ሲጠፋም ውሃው ቀስ እያለ መብረዱን ይቀጥላልና። በዚህ ስሌት በወር 850 ኪሎዋት ሰዓት፣ 4,250 ብር ይተርፋል። ለ32 ክፍል ብሬከርና የገመድ ሥራ 32,000 ብር ቢወጣ ገንዘቡ በሰባት ወር ተኩል ይመለሳል።

ይህ የመመለሻ ጊዜ የሚባለው ነገር አወጣጡ ቀላል ነው፤ ወጪው ለወር ወይም ለዓመት ቁጠባው ይካፈላል። ወለድ አያስብም፤ የዕቃውን ዕድሜ አያይም፤ የነገ ታሪፍን አያውቅም። በእኛ ሁኔታ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ የተሠራ የመመለሻ ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጥቷል፤ ይህ ደግሞ ያረዝመዋል። ሁለቱ እየተሳሳቡ ስለሚሄዱ ከአንድ ዓመት በፊት የተሰጠን ሪፖርት ዛሬ ሳይታደስ መግዣ ማድረግ አያዋጣም።

መብራቱ አጭሩ ታሪክ ነው። በክፍሎቹ ውስጥ ቆጣቢ አምፖል ከገባ ቆይቷል። የቀሩት በኮሪደሩ፣ በምግብ ቤቱና በበረንዳው ያሉ ሃያ አራት የድሮ ኒዮኖችና ግቢውን የሚያበሩ አራት ባለ 400 ዋት ፓውዛዎች ናቸው። ኒዮኑ ከነባላስቱ 45 ዋት ይስባል፤ በ18 ዋት ኤልኢዲ ይተካል። ፓውዛው በ50 ዋት ኤልኢዲ ይተካል። በወር 700 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ 3,500 ብር ይተርፋል። ወጪው 25,000 ብር ቢሆን በሰባት ወር ይመለሳል። ኤልኢዲ ሲገዛ መጠንቀቅ ያለብን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት እንዳለ አለማመን ነው፤ «100 ዋት» ተብሎ የተሸጠ ፓውዛ ሲለካ ሠላሳ የሚስብበት ጊዜ አለ። ሂሳቡ ይቀንሳል፣ ግቢው ግን ይጨልማል፤ ጥበቃው ቅር ይለውና የድሮውን መልሶ ይሰቅላል። ሙሉውን ከመግዛት በፊት አንድ ገዝቶ፣ ሰቅሎ፣ ማታ ማየት ነው።

ፍሪጆቹ ደግሞ አዲስ መግዛት ሳያስፈልግ የሚሻሻሉ ናቸው። በበሩና በአካሉ መካከል አንድ የብር ኖት አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ነው። ኖቱ ያለ ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ ሞቷል፤ ቀዝቃዛው አየር በዚያ በኩል እየወጣ ነው። ከጀርባው ያለው ጥቁር ፍርግርግ በራያ አቧራ ከተሸፈነ ሙቀቱን ማውጣት አይችልም። ባሩ ውስጥ ያሉት ባለ መስታወት ማቀዝቀዣዎች ለእይታ ሲባል ወደ ምዕራብ በሚያይ በረንዳ ላይ ቆመው የከሰዓት ፀሐይ የሚመታቸው ከሆነ ቢራውን ከማቀዝቀዝ በፊት ከፀሐይዋ ጋር ይታገላሉ። ጎማ መቀየር፣ ማጽዳትና ቦታ መለወጥ ከፍጆታቸው አንድ አምስተኛ ቢቀንስ፣ 6,000 ብር ወጪ በስድስት ወር ይመለሳል።

እነዚህ ሦስት ሥራዎች ተደምረው 63,000 ብር ናቸው። ከመስመር ሂሳብ በወር 8,700 ብር ይቀንሳሉ። ግን ታሪካቸው እዚያ አያልቅም፤ በጓሮ ያለው ጀነሬተር ላይም ያርፋሉ።

ማታ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ 8 ኪሎዋት ይሸከም ነበር። ኤልኢዲው ሲገባ 2 ይቀንሳል። ቦይለሮቹ በብሬከር ስለተሰበሰቡ መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ማውረድ ይቻላል፤ ሌላ 2 ይቀንሳል። ጭነቱ 4 ኪሎዋት ሆነ፤ ግማሽ ማለት ነው። ናፍጣውም በግማሽ ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ግን ይሳሳታል። በጀሪካን ሲለካ ከ4 ሊትር ወደ 3.2 ብቻ ይወርዳል። ጀነሬተሩ 40 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ማለትም 32 ኪሎዋት ሊሸከም የተሠራ ነው። ምንም ሳይሸከም እንኳ ራሱን ለማሽከርከር በሰዓት ከ2 ሊትር በላይ ይፈልጋል። ብዙ ባለቤት ጀነሬተር ሲገዛ «ሁሉንም ይዞ ይነሳ» ብሎ ነው የሚገዛው፤ ምጣዱን፣ ቦይለሩን፣ ኤሲውን። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ባዶውን ለማሽከርከር ይከፍላል። ሞተሩም ይጎዳል። ናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ሩብ በታች ሲሠራ ስለማይግል ነዳጁን አጣርቶ አያቃጥልም። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ዘይት የሚመስል ነገር ሲንጠባጠብ ከታየ ምልክቱ ይህ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ሲሊንደሩ ይጠቀርሻል፣ ጉልበቱ ይደክማል።

ቢሆንም 0.8 ሊትሩም ገንዘብ ነው፤ በ60 ሰዓት 5,760 ብር። የሦስቱ ሥራዎች ቁጠባ አሁን በወር 14,460 ብር ሆነ። 63,000ው የሚመለሰው በአራት ወር ከግማሽ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ውድ ሥራ ነው፦ ኢንቨርተርና ሊቲየም ባትሪ። መስመሩ ሲኖር በ5 ብሩ ኃይል ይሞላል፣ ሲጠፋ መብራቱን፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ፋኑን ይይዛል። 60 ሰዓት በወር በአማካይ በቀን ሁለት ሰዓት ነው፤ 4 ኪሎዋት ለሁለት ሰዓት 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ጋር ተገጥሞ 700,000 ብር ይፈጃል እንበል። መብራት ግን በአማካይ አይጠፋም። አንድ ቀን ምንም አይጠፋም፤ ሌላ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ጠፍቶ እስከ ሌሊት ይቆያል። ስለዚህ ባትሪው ከ60ው ሰዓት 45ቱን ይሸፍናል፣ ለቀረው የድሮው ጀነሬተር ይነሳል ብለን እንያዝ። የሚቆጠበው ናፍጣ 17,280 ብር ነው። ለባትሪው መሙያ ከመስመር የሚወሰደው፣ በመሙላትና በመልቀቅ የሚጠፋውን ጨምሮ፣ ከ1,060 ብር አይበልጥም። የተጣራው ቁጠባ በወር 16,220 ነው። ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ይሆናል።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን እንየው። ባለቤቱ መብራቱንና ቦይለሩን ሳይነካ መጀመሪያ ባትሪ ቢገዛ ኖሮ የሚሸከመው 8 ኪሎዋት ስለሆነ ሁለት እጥፍ፣ የ1,400,000 ብር ዕቃ ያስፈልገው ነበር። ቁጠባው 19,480 ብር ገደማ ይሆናል፤ መመለሻው ስድስት ዓመት። 57,000 ብር የሚያወጡት ኤልኢዲና ብሬከሮች ቀድመው መግባታቸው ከባትሪው ዋጋ 700,000 ብር ቀነሱ ማለት ነው። በቁጠባ ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው በአንድ መስመር ሲጻፍ ይህ አይታይም። ሪፖርት ሲቀርብ «ይህን የመመለሻ ጊዜ ያሰላችሁት ከላይ ያሉት ሥራዎች ተሠርተው እንደሆነ ነው ወይስ እንዳልተሠሩ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ባትሪው ሁለት ግዴታ አለው። አንደኛ፣ ምጣድና ቦይለር ፈጽሞ በእሱ መስመር ላይ መግባት የለባቸውም። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ ከ4 ኪሎዋቱ ጭነት ጋር ሲደመር ኢንቨርተሩ ወዲያው ይዘጋል። ስለዚህ ለባትሪው የተለየ ሳጥን ተሠርቶ የሚይዛቸው መስመሮች ብቻ ወደዚያ ይዛወራሉ፤ በአሮጌ ቤት ውስጥ ይህ የገመድ ሥራ ከታሰበው በላይ ጊዜ ይወስዳል፣ የቱ ገመድ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አይገኝምና። ሁለተኛ፣ ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ከቆርቆሮው ጣሪያ በታች ባለ ሰገነት ወይም ከጀነሬተሩ ጎን ቢቀመጥ አስር ዓመት ሊያገለግል የሚችለው በግማሹ ሊደክም ይችላል። ምድር ቤት፣ ፀሐይ የማይነካው፣ አየር የሚገባበት ክፍል ይፈለግለት።

በቀን መንገድ ላይ የሚታየው ፀሐይ ሁሉ እያለ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለምን በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ እንዳልመጣ የሚጠይቅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ራያ ላይ የፀሐይ እጥረት የለም፣ በቆቦ ኬክሮስ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ሰሌዳ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ችግሩ ከሂሳቡ ነው። ሻጩ ሲመጣ 1,950 ኪሎዋት ሰዓቱን ያያል፤ ሰማንያ በመቶውን እሸፍናለሁ ይላል። ይህ በወር 7,800 ብር ነው። 1,000 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ ወደየክፍሉ ከሚዘረጋው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ጋር 600,000 ብር ቢሆን ስድስት ዓመት ከአምስት ወር ይመጣል። ለማሞቂያ መጥፎ አይመስልም። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ብክነት ብሬከሩ በ32,000 ብር አስቀርቶታል። ለፀሐይዋ የሚቀርላት 1,100 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ሰማንያ በመቶው 4,400 ብር፤ መመለሻው ከአስራ አንድ ዓመት በላይ። በየክፍሉ የተለያየ ቦይለር የነበረው አሮጌ ሆቴል የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስለሌለው ግድግዳ መቀደድ አለበት፤ ዋጋውን ያናረውም ከማሞቂያው ይልቅ ቧንቧው ነው። ታሪፉ በእጥፍ ቢጨምር ወደ ስድስት ዓመት ይወርዳል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ቦታው «መታጠቢያ ቤቶቹ ሲታደሱ» የሚል ነው፤ ግድግዳው ለሌላ ምክንያት ሲከፈት ቧንቧውን አብሮ መቅበር።

የጣሪያው ነገር ደግሞ የመመለሻ ጊዜ የማይመልሰው ጥያቄ ነው። ኮርኒሱ ስስ የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሰዓት በኋላ የላይኛውን ፎቅ ያነዳል። ቆርቆሮውን ፀሐይ በሚመልስ ነጭ ቀለም መቀባት የኤሲውን ፍጆታ በሩብ ቢቀንስ፣ ኤሲ በብርቱ የሚሠራው በዓመት አራት ወር ገደማ ስለሆነ፣ ቁጠባው በዓመት 3,450 ብር ነው። 75,000 ብር የፈጀ ቀለም በሃያ ሁለት ዓመት ይመለሳል፤ ቀለሙ ራሱ ያን ያህል አይቆይም። በኃይል ሂሳብ ብቻ ከታየ ይጣላል። እኔ ግን አልጥለውም። ኤሲ የሌላቸው የላይኛው ፎቅ ክፍሎች ግንቦት ላይ እንግዳ ገብቶ፣ አይቶ፣ «ከታች የለም ወይ?» ብሎ የሚወጣባቸው ናቸው። በሙቀቱ አራት ወር ውስጥ በዚህ ምክንያት የሚቀሩት የኪራይ ሌሊቶች ከተመዘገቡ ቀለሙ ሊፈረድለት ይችላል። ባለቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ያለበትን ጥግ ቀብቶ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ በተቀባውና ባልተቀባው ክፍል ቴርሞሜትር ሰቅሎ ማየት ይችላል።

የኢነርጂ ቁጠባ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 810/2006 ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ ኦዲቱ ግን በብዛት የሚያተኩረው በፋብሪካዎች ላይ ነው። ሠላሳ ክፍል ያለውን የቆቦ ሆቴል የሚመረምረው የራሱ ባለቤትና አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ክላምፕ ሜትር፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ቆጣሪና ቴርሞሜትር ከያዙ ለዚህ ሥራ ይበቃቸዋል።

ሥራዎቹ ካለቁ በኋላ የሚመጣው ሙግት «ሂሳቡ እኮ አልቀነሰም» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ እውነትም አልቀነሰም፤ ታሪፉ ጨምሯል ወይም በወሩ ስልጠና ገብቶ ክፍሉ ሁሉ ተይዟል። ስለዚህ የሚወዳደረው ብሩ መሆን የለበትም። በወሩ መጨረሻ ቆጣሪው ያነበበው ኪሎዋት ሰዓት ለተከራዩት ሌሊቶች ይካፈል። በግንቦት በቀን 16 ክፍል በ30 ቀን 480 ሌሊት ነበር፤ 6,300 ለ480 ሲካፈል 13 ነው። ሦስቱ ርካሽ ሥራዎች በትክክል ከተሠሩ ይህ ቁጥር በሚመጣው ግንቦት፣ ክፍሉ በዚያው መጠን ከተያዘ፣ ወደ 9.5 መውረድ አለበት። በጀነሬተሩም በኩል የሠራበት ሰዓትና የተቀዳው ሊትር በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ሊትሩ ለሰዓቱ ሲካፈል ከ3.2 እየራቀ ወደ 4 መጠጋት ከጀመረ መብራት ሲጠፋ ቦይለሮቹን የሚያወርድ ሰው የለም ማለት ነው።